ርዕሱን ባታውቂው፣ የሚነካቸውን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ

«ሰላም መምህር፣ በሚቀጥለው ወር አይኤልትስ እፈተናለሁ። እንግሊዝኛዬ ክፉ የሚባል አይደለም። ስለ ትምህርት ወይም ስለ ኢንተርኔት ከመጣ እጽፋለሁ። የማላውቀው ርዕስ ሲመጣ ግን ጭንቅላቴ ቀጥ ይላል። በቀደም ልምምድ ላይ የመጣው ‹መንግሥት በአደባባይ ለሚቆሙ ሐውልቶችና ለግድግዳ ሥዕሎች ገንዘብ ማውጣት የለበትም፣ ገንዘቡ ለሌላ አገልግሎት ይዋል ይባላል፤ ምን ያህል ትስማማለህ?› የሚል ነበር። እኔ ስለ ሥነ ጥበብ ምንም አላውቅም። አሥር ደቂቃ ሙሉ አፍጥጬ ቆየሁና መጨረሻ ላይ ስለ ሆስፒታልና ስለ መንገድ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ‹በሁለት ደቂቃ ሀሳብ ሰብስበሽ ወደ መጻፉ ግቢ› ትለኛለች። እንዴት ነው በሁለት ደቂቃ የሚሆነው? — ባዶ ወረቀት»

እህቴ፣ ይሆናል። ጓደኛሽ ልክ ናት። ግን ሁለት ደቂቃው ምን ይዞልሽ እንዲመጣ እንደምትፈልጊ ካላወቅሽ ሃያ ደቂቃም አይበቃሽም።

ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ 40 ደቂቃ እንድትሰጪው ይመከራል፣ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል። መግቢያውንና መደምደሚያውን ስታወጪለት መሀል ላይ የሚቀርሽ ሁለት ሰፋ ያሉ አንቀጾች ናቸው። በየአንቀጹ አንድ ዋና ሀሳብ፣ እሱን የሚያብራራ ምክንያት፣ ከዚያ አንድ ምሳሌ። አለቀ። ስለዚህ የምትፈልጊው ሁለት ሀሳብ ነው። ዘጠኝና አሥር ሀሳብ ለመደርደር የሚሞክር ተፈታኝ ወይ ሰዓቱን ይጨርሳል፣ ወይ ሁሉንም በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ ነካ አድርጎ ያልፋል። ፈታኙ ደግሞ ከሀሳቡ ብዛት ይልቅ ሀሳቡ ምን ያህል እንደተብራራ ነው የሚያየው።

ሌላው፣ «ስለ ሥነ ጥበብ ምንም አላውቅም» ያልሽው ነገር። ጥያቄውን እንደገና አንብቢው። ስለ ሥነ ጥበብ አይጠይቅም እኮ! የሚጠይቀው የጋራ ገንዘብ፣ በጋራ ቦታ ላይ፣ ለዚህ ነገር ይውጣ አይውጣ ነው። ስለ ቅርጻ ቅርጽ ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንኳ ያን እውቀቱን ዘርግፎ ቢጽፍ ጥያቄውን አልመለሰም። መመሪያው ራሱ ከምታውቂው ወይም ከገጠመሽ ነገር ምሳሌ ስጪ ነው የሚለው። ባለሙያ ሁኚ አላለሽም።

አሁን ወደ ሁለት ደቂቃው።

የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች ለጥያቄው ስጪ። ረጅሙን ጥያቄ ወደ አንድ አጭር መስመር አውርጂው፦ «የሕዝብ ገንዘብ → ሐውልትና ሥዕል፦ ይውጣ? አይውጣ?» ይህን መስመር ወረቀቱ አናት ላይ ጻፊው፣ በጭንቅላትሽ ብቻ አትያዥው። ያንቺ ልምምድ የተበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሆስፒታልና መንገድ ጥያቄው «ሌላ አገልግሎት» ባለው ውስጥ አሉ፣ ግን ተፎካካሪ ሆነው ነው ያሉት። ዋናው ሐውልቱ ነው። አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሽ ሐውልት የሚለው ቃል ካልተነሳ፣ የሌላ ጥያቄ መልስ እየጻፍሽ ነው ማለት ነው። አናት ላይ ያለችው መስመር ለዚህ ነው የምታገለግልሽ፣ ቀና ብለሽ ታያታለሽ።

ቀጥሎ 60 ሰከንድ። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚደርቀው፣ ምክንያቱም «ስለ ሐውልት ምን ሀሳብ አለኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የለውም። ጥያቄውን ቀይሪው። «ይሄ ነገር ማንን ይነካል?» በይ። ስለ ርዕሱ ላታውቂ ትችያለሽ፣ ስለ ሰው ግን ታውቂያለሽ። ሰው ገንዘቡ ሲወሰድበት ምን እንደሚሰማው፣ ሥራ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን፣ በሩ ላይ ያልፈለገው ነገር ሲቆም ምን እንደሚል ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግሽም።

እኔ አራት ሰዎችን ነው እንድትፈልጊ የምመክርሽ። የሚከፍለው። የሚጠቀመው። የሚሠራው። እና ሳይጠየቅ ከዳር ሆኖ የሚነካው። አራቱን ወደ ታች ጻፊያቸውና ለእያንዳንዳቸው «ምን ያገኛል? ምን ያጣል?» ብለሽ በሦስት በአራት ቃል መልሺ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። እያንዳንዱ ሰው 15 ሰከንድ ነው ያለው፣ ካልመጣልሽ ዝለይው።

በራስሽ ርዕስ እንሞክረው።

የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። ምን ያጣል? ገንዘቡን፣ ያውም ሳይጠየቅ። ትንሽ ቆም ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ ሐውልት አንዴ ተከፍሎበት የሚያበቃ ነገር አይደለም። ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ ሥዕሉም ፀሐይና ዝናብ ሲያደበዝዘው እንደገና ይቀባል። ወጪው ለዓመታት ይቀጥላል።

የሚጠቀመው አላፊ አግዳሚው ነው። ምን ያገኛል? ትኬት ሳይገዛ ያያል። ጋለሪ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ጊዜ የሌለው ሰው፣ «እዚያ ቤት እኔን አይመለከተኝም» ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ወደ ሥራው ሲሄድ በነጻ ያየዋል።

የሚሠራው ቀራፂውና ሠዓሊው ነው። ሥራ ያገኛል። ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ ሌላ ገዢ የለውም እንዴ? ግለሰብ የሚገዛው በአብዛኛው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነው። የሦስት ፎቅ ቁመት ያለው የግድግዳ ሥዕል አዝዞ፣ ከፍሎ፣ ለሁሉም ሰው እንዲታይ የሚያደርግ ግለሰብ ብዙ አይገኝም። የመንግሥት ገንዘብ ካልኖረ ይህ ዓይነቱ ሥራ በጣም ይቀንሳል። ይኸው፣ ስለ ጥበብ አላውቅም ያልሽው ሴትዮ ጥሩ የሚባል መከራከሪያ አገኘሽ።

ከዳር የሚነካው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ሐውልቱን ቢወደውም ባይወደውም በየቀኑ ያየዋል። አስቀያሚ ሥዕል ጋለሪ ውስጥ ቢሰቀል አልገባም ብለሽ ትተይዋለሽ፣ መስኮትሽ ፊት ለፊት ከቆመ ግን መሄጃ የለሽም። በሌላ በኩል ደግሞ ቦታው ካማረ እንግዳ ይመጣል፣ አጠገቡ ያለ ሱቅ ይሸጣል።

እስካሁን አንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አካባቢ ሄዷል። ወረቀትሽ ላይ ስድስት ሰባት ፍርፋሪ ሀሳብ አለ፣ የሚደግፍም የሚቃወምም። አቋም መያዝ ያለብሽ አሁን ነው፣ ቀድሞ አይደለም። አቋሙን መጀመሪያ ይዞ ምክንያት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ምክንያት የማያገኝለትን ወገን ይዞ ይገኛል፣ ከዚያ መሀል ላይ ይንሸራተታል። አንቺ የራስሽን እምነት ለመመስከር አልተቀመጥሽም። ሁለት ጠንካራ ሀሳብ ያገኘሽለትን ወገን ያዢ።

የቀሩት 40 ሰከንዶች የመምረጫ ናቸው። እንዴት ትመርጫለሽ? «ለምን?» ወይም «ከዚያስ?» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጠይቂው። ሁለቴ የሚመልስ ሀሳብ አንቀጽ ይሆናል። አንዴ ብቻ መልሶ የሚቆም ሀሳብ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንቀጽ አይወጣውም።

«በነጻ ያየዋል» የሚለውን እንፈትነው። ከዚያስ? ጋለሪ የማይሄዱ ሰዎችም ከጥበብና ከታሪክ ጋር ይገናኛሉ። ከዚያስ? ለምሳሌ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በአንድ ሐውልት ሥር የሚያልፍ ልጅ አንድ ቀን «ይሄ ሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ምሳሌውንም ይዞ መጣ። ይመረጣል።

«ወጪው ለዓመታት ይቀጥላል» የሚለውስ? ከዚያስ? በየዓመቱ ከበጀቱ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ከዚያስ? መድኃኒት የጎደለው ጤና ጣቢያ ባለበት ከተማ ለሐውልት ማጽጃ የሚወጣው ገንዘብ ለነዋሪው ሊገባው አይችልም። አየሽ፣ ሆስፒታልሽ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን ከሐውልቱ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ቦታው ነው።

«ቦታው ያምራል» የሚለው ግን? ከዚያስ? ሰው ደስ ይለዋል። ከዚያስ? እህ... ደስ ይለዋል። ቆመ። ተይው።

እንግዲህ ወረቀትሽ ላይ የሚቀረው ይህን ይመስላል፦

የሕዝብ ገንዘብ → ሐውልትና ሥዕል፦ ይውጣ? አይውጣ?
አቋም፦ በአብዛኛው አልስማማም፤ ይውጣ፣ ግን በልክ
1. አላፊ አግዳሚ — ነጻ — ጋለሪ የማይሄድ — የተማሪው ልጅ
2. ሠዓሊ — ትልቅ ሥራ ሌላ ገዢ የለውም — ካልተከፈለ ይቀንሳል — የግድግዳ ሥዕል
ለተቃራኒው፦ የጥገና ወጪ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ — ስለዚህ በልክ

አምስት መስመር ነው። ከዚህ ላይ መጻፍ ትችያለሽ። «በልክ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። ጥያቄው «ምን ያህል ትስማማለህ» ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መካድም ሙሉ በሙሉ መቀበልም ግዴታሽ አይደለም፣ ግን ልኩ ምን እንደሆነ መግቢያው ላይ ተናግረሽ እስከ መጨረሻው በዚያው መቆየት አለብሽ። መግቢያ ላይ «እደግፋለሁ» ብሎ መደምደሚያ ላይ «ሁለቱም የየራሱ ጥቅም አለው» ማለት አቋም አይባልም።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ ምናልባት አንዳንድ አስተማሪዎች ይቀየሙኝ ይሆናል። ተማሪዎች በቃል ይዘውት የሚመጡት ሌላ ዘዴ አለ፦ ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊ፣ ቴክኖሎጂ፣ ሕግ፣ አካባቢ። ከቢዝነስ ትምህርት የመጣ ነው፣ ፔስትል ይሉታል። ለድርጅት ዕቅድ ጥሩ ነው። ለሁለት ደቂቃ ግን አልወደውም። ስድስት ሳጥን ነው፣ ሁለት ደቂቃውን በሙሉ ብታካፍይው ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ ነው የሚደርሰው፣ ለመምረጫም ምንም አይተርፍም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሳጥኑ ራሱ ባዶ ቃል ያስጽፍሻል። «ኢኮኖሚ» የሚለውን ስታዪ እጅሽ «ኢኮኖሚን ያሳድጋል» ብሎ ይጽፋል። የማንን? እንዴት? ሰውየው የለበትም። ካስፈለገሽ ሰዎቹ እምቢ ሲሉሽ ብቻ የራስሽን ሁለት ሳጥን ክፈቺ፣ ገንዘብና ጤና፣ እነሱንም ወዲያው ወደ ሰው መልሻቸው፦ የማን ገንዘብ? የማን ጤና?

የሰበሰብሽው ሀሳብ ደካማ መሆኑን የምታውቂበት መንገድም አለ። ርዕሱን አውጥተሽ ሌላ ርዕስ ክተችበት። «ሐውልት ለአገር ዕድገት ይጠቅማል» ብለሻል እንበል። «ሐውልት» የሚለውን አውጪና «ስታዲየም» አስገቢ። «ቤተ መጻሕፍት» አስገቢ። ዓረፍተ ነገሩ ምንም ሳይሆን ይሄዳል አይደል? ስለዚህ ስለ ሐውልት ምንም አላለም። «ሰዎች ትኬት ሳይገዙ መንገድ ላይ ያዩታል» የሚለውን ግን ወደ ስታዲየም ውሰጂው፣ አይሠራም። ይህ ነው የርዕሱ ሀሳብ። ፈተናው ላይ ሦስት ሰከንድ አይወስድብሽም፣ በልምምድ ጊዜ ግን በእያንዳንዱ ሀሳብ ላይ አድርጊው።

መንትያ ሀሳብም ተጠንቀቂ። «ቱሪስት ይመጣል» እና «ሱቆች ይሸጣሉ» ሁለት ይመስላሉ፣ አንድ ናቸው። ለሁለት አንቀጽ ብትከፍያቸው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሺ ያልሽውን እየደገምሽ መሆኑን ታውቂዋለሽ፣ ያኔ ግን ሰዓቱ ሄዷል። ሁለቱን ሀሳብ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ከወሰድሻቸው፣ ላይ እንዳደረግነው አንዱን ከአላፊ አግዳሚው አንዱን ከሠዓሊው፣ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ አይገጥምሽም።

ደግሞ ቋንቋው። በአማርኛ በጣም የሚያምር ሀሳብ መጥቶልሽ በእንግሊዝኛ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ልትይው ካልቻልሽ፣ ይቅርብሽ። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ለዛሬ ግን አይሆንም። ማስታወሻውን በተቻለሽ መጠን በእንግሊዝኛ ያዢ፣ አንድ ቃል ከጠፋሽ ግን እሱን በአማርኛ ጻፊና እለፊ፤ አንድ ቃል ፍለጋ 30 ሰከንድ አታቃጥዪ።

ይህ የአራት ሰው ዘዴ የማይሠራበት ቦታ አለ። «ከድሮ ይልቅ ብዙ ሰው ብቻውን ይኖራል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ ምንስ ይደረግ?» ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ የሚከፍለውና የሚሠራው ብለሽ ብትፈልጊ ግራ ትጋቢያለሽ። እዚያ ጋ የሚሠራው «ድሮ ምን ነበር፣ አሁን ምን ተቀየረ?» የሚለው ነው። ድሮ ሰው በተወለደበት ቦታ ሥራ ይይዝ ነበር፣ አሁን ሥራ ፍለጋ ከቤተሰቡ ርቆ ይሄዳል። ድሮ ትዳር ቶሎ ነበር፣ አሁን ትምህርትና ሥራ ይቀድማል። ሁለት ምክንያት አገኘሽ። መፍትሔውን ግን ከሰማይ አታውርጂው፣ ከምክንያቱ ጋር አጣምሪው፦ ምክንያቱ ርቀት ከሆነ መፍትሔው ርቀትን የሚመለከት ይሁን፣ ለምሳሌ አሠሪዎች ሠራተኛው ከቤተሰቡ አጠገብ ሆኖ በርቀት እንዲሠራ ቢፈቅዱ። ምክንያቱ ሥራ ሆኖ መፍትሔው «መንግሥት ግንዛቤ ይስጥ» ከሆነ ሁለቱ አይተዋወቁም። «መንግሥት ግንዛቤ ይስጥ» የምትለዋን እንዲያውም ከናካቴው ብትረሻት ደስ ይለኛል።

ርዕሱ በጣም ረቂቅ ሲሆንስ? «ስኬት ምንድን ነው» ወይም «ውድድር ለሰው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ» ሲልሽ መጀመሪያ አንድ ሰው አስቀምጪ። ውድድር ማለት ለማን? በክፍሉ አንደኛ ለመውጣት የሚጥር ልጅ። ለአንድ የሥራ ቦታ ከብዙ ሰው ጋር የሚያመለክት ሰው። ሰውየው አንዴ ከቆመልሽ ምን ያገኛል፣ ምን ያጣል የሚለው ይመለሳል።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ሙሉ ድርሰት እየጻፍሽ አትለማመጂው፣ ያ ሌላ ልምምድ ነው። ስልክሽ ላይ ሁለት ደቂቃ ሙዪ፣ የማታውቂውን ርዕስ አውጪ፣ አምስቷን መስመር ጻፊ፣ ሲጮህ እጅሽን አንሺ። አልጨረስሽም? አትቀጥይ። የት ጋ እንደቆምሽ እዪ። ሰዎቹን ማግኘት ላይ ከሆነ የቆምሽው ጥያቄውን አላሳጠርሽውም ማለት ነው፣ መምረጥ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰዎቹ ላይ ብዙ ቃል ጽፈሻል። ከዚያ ቀጣዩን ርዕስ። በአንድ መቀመጫ አምስት ርዕስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ጭንቅላት ይደክምና የድሮውን መልስ መገልበጥ ይጀምራል። ርዕስ ስትመርጪ ደግሞ የምትወጃቸውን ዝለያቸው፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኢንተርኔት ተለማምደሻል።

ፈተናው ላይ ሁለት ደቂቃው አልቆ አንድ ሀሳብ ብቻ ከያዝሽ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። መግቢያውንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ጻፊ፣ ለሁለተኛው ቦታ ይዘሽ። ከዚያ ከአራቱ ሰዎች ውስጥ ባዶ የተውሽውን አንዱን ብቻ አንሺና 30 ሰከንድ ስጪው። ያም እምቢ ካለ የመጀመሪያውን ሀሳብ የሚቃወም ሰው ምን ሊልሽ እንደሚችል አስቢ፣ እሱን ጻፊና ለምን እንዳላሳመነሽ መልሺለት። ሁለተኛው አንቀጽሽ እሱ ነው።